ማሽን መግዛትና ኪራይ መክፈል፦ የሒሳብ ትምህርቴ እስካሁን የት ደረሰ

የአክስቴን ሱቅ የቋሚ ንብረት መዝገብ ሠርቼ ጨረስኩ። ከመጀመሪያው ደረሰኝ እስከ ዘንድሮ ሰኔ 30 ድረስ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዟል፣ ሚዛኑም ገጥሟል። በጣም ደስ ብሎኛል። እንደ እኔ ሒሳብ እየተማራችሁ የቤተሰብ ንግድ መዝገብ ለያዛችሁ ሰዎች መንገዴን ላካፍላችሁ።

ሱቁ ድሬዳዋ ሳቢያን ነው። ከባቢሌ የሚመጣውን ኦቾሎኒ ቆልቶ፣ ፈጭቶ፣ በብልቃጥ አሽጎ ይሸጣል። ከታች የምጠቅሳቸውን ቁጥሮች ለማንበብ እንዲመቹ አጠጋግቻቸዋለሁ።

በመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ብዙ አልቆይም። ዴቢትና ክሬዲት በልምምድ ይገባል። የዕለት ገቢና ወጪ መያዝም፣ ከባንክ መግለጫ ጋር ማመሳከርም ትዕግሥት እንጂ ሌላ አይፈልግም። እኔን ወጥሮ የያዘኝ የካፒታል ወጪንና የሥራ ማስኬጃ ወጪን መለየት ነበር።

አክስቴ ጥያቄውን ከማንም መምህር በተሻለ አስቀምጣዋለች። «ኪራይ ስከፍል ብሩ ከእጄ ወጣ። ማሽን ስገዛም ብሩ ከእጄ ወጣ። ታዲያ አንዱን ወጪ፣ አንዱን ንብረት የሚያሰኘው ምንድን ነው?»

መልሱ የብሩ መጠን አይደለም። ጥያቄው የተከፈለበት ጥቅም መቼ ያልቃል የሚል ነው። የጥቅምት ኪራይ የሚያስገኘው ጥቅም በጥቅምት ውስጥ ቤቱን መጠቀም ነው። ወሩ ሲያልቅ ጥቅሙም አብሮ ያልቃል። ስለዚህ 30 ሺህ ብሩ የጥቅምት ወጪ ሆኖ ከጥቅምት ገቢ ላይ ይቀነሳል። ማሽኑ ግን ጥቅምትም፣ የዛሬ ዓመትም፣ ከዚያ በኋላም ኦቾሎኒ ይፈጫል። ብሩ ዛሬ ቢወጣም ጥቅሙ ገና አላለቀም። ስለዚህ መጀመሪያ ንብረት ተብሎ ይመዘገባል። ከዚያ በሚያገለግልባቸው ዓመታት ላይ ተከፋፍሎ በየዓመቱ የእርጅና ቅናሽ እየሆነ ወደ ወጪ ይገባል።

ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ይገባል። ማሽኑ ተገዝቶ እስኪተከል 530 ሺህ ብር ፈጅቷል እንበል። 8 ዓመት ያገለግላል፣ በመጨረሻም 50 ሺህ ብር ይሸጣል ብለን ገምተናል። የሚያረጀው 480 ሺህ ብር ነው፣ በዓመት 60 ሺህ ማለት ነው። ኤክሴል ላይ ይህቺን መጻፍ ይበቃል፦

```
=SLN(530000,50000,8)
```

አሁን የመጀመሪያውን ዓመት እንይ። ኦቾሎኒ፣ ብልቃጥ፣ ደመወዝ፣ መብራትና ኪራይ ሁሉ ተቀንሶ ሱቁ 240 ሺህ ብር አተረፈ። ማሽኑን እንደ ኪራይ አንዴ ወጪ ብንለው ዓመቱ 290 ሺህ ብር ኪሳራ ያሳያል። በሁለተኛው ዓመት ሽያጩ ምንም ሳይቀየር ሱቁ ድንገት 240 ሺህ ብር ያተርፋል። ይህን ያየ ሰው አንደኛው ዓመት የመከራ፣ ሁለተኛው የተአምር ይመስለዋል። እውነቱ ግን ሱቁ ሁለቱንም ዓመት እኩል ሠርቷል። የእርጅና ቅናሹን ስንጠቀም ሁለቱም ዓመት 180 ሺህ ብር ትርፍ ያሳያሉ። ካዝና ውስጥ ያለው ጥሬ ገንዘብ በሁለቱም አያያዝ ያው ነው። የሚለየው ትርፉ በየትኛው ዓመት ላይ እንደሚታይ ነው።

ኪራይም ቢሆን በተከፈለ ቀን ሁልጊዜ ወጪ አይሆንም። አከራዩ የሦስት ወር 90 ሺህ ብር በቅድሚያ ሲቀበል መጀመሪያ ቅድመ ክፍያ ተብሎ ይያዛል፣ በየወሩ 30 ሺህ ብር ወደ ወጪ ይዛወራል። መርሁ አንድ ነው ማለት ነው፣ ኪራዩ ግን ቶሎ ያልቃል። ሙሉውን ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ ለሚከተሉ ትልልቅ ድርጅቶች ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ረጅም የኪራይ ውል ራሱ የመጠቀም መብት ተብሎ በንብረት ይመዘገባል። የአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶችን ደረጃ ለሚጠቀም እንደ እኛ ዓይነት ሱቅ ግን ተራ የቤት ኪራይ ወጪ ሆኖ ይቀጥላል።

እስከዚህ ድረስ ቀላል ነው። ብዙ ያታገለኝ 530 ሺህ የሚለው ቁጥር ነው። የማሽኑ ደረሰኝ ላይ ያለው 480 ሺህ ነበር። በካርቶን ውስጥ ግን ከማሽኑ ጋር አብረው የተከማቹ ብዙ ደረሰኞች አገኘሁ። የትኛው ከማሽኑ ዋጋ ጋር ይደመር? የትኛው ወጪ ይሁን?

የሚሠራልኝ ጥያቄ ይህ ሆነ፦ ይህ ክፍያ ባይኖር ማሽኑ እዚህ ቦታ ላይ ተተክሎ መሥራት ይችል ነበር? ካልቻለ የማሽኑ ዋጋ አካል ነው። ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ያመጣው የጭነት መኪና 14 ሺህ ብር ገባ። የኮንክሪት መሠረቱና የትሪ ፌዝ መስመሩ 26 ሺህ ብር ገባ፣ ማሽኑ ያለ እነሱ አይንቀሳቀስማ። ኤሌክትሪሺያኑ ገጥሞ ለሞከረበት የተከፈለው 10 ሺህ ብርም ገባ። ድምሩ 530 ሺህ ሆነ።

ለሠራተኞች ሥልጠና የተከፈለው 8 ሺህ ብር ግን አይገባም። ይህ መጀመሪያ አልዋጥ ብሎኝ ነበር። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሰው አይደል እንዴ? ደረጃው ግን ሥልጠናን በግልጽ ያስወጣዋል። ምክንያቱን ሳስበው ትክክል ነው። ማሽኑ ሰው ባይሠለጥንም ተተክሎ ዝግጁ ነው፣ የሠለጠነው ሰው ደግሞ ነገ ሌላ ሱቅ ሊገባ ይችላል። እውቀቱ የሱቁ ንብረት አይደለም። አዲሱን ምርት ለማስተዋወቅ የተሠራው ባነርም በዚያው ወር ወጪ ነው።

ቫቱስ? የማሽኑ ቫት 15 በመቶ፣ 72 ሺህ ብር ነበር። ሱቁ የቫት ተመዝጋቢ ስለሆነና ደረሰኙም ሕጋዊ ስለሆነ ከሽያጭ ቫት ላይ ተቀናሽ ይሆናል። ስለዚህ በማሽኑ ዋጋ ውስጥ የለም። ሱቁ ባይመዘገብ ኖሮ ግን ያ ብር ተመልሶ ስለማይመጣ 530 ሺው 602 ሺህ ይሆን ነበር። ተመሳሳይ ማሽን የገዙ ሁለት ሱቆች የተለያየ የንብረት ዋጋ ሊይዙ የሚችሉት በዚህ ነው።

ከዚህ የባሰው ሞተሩ ነው። በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ መብራት ከፍ ዝቅ ሲል ሞተሩ ተቃጠለ። ሁለት አማራጭ ቀረበ፤ የተቃጠለውን ሽቦ በ12 ሺህ ብር ማስጠቅለል ወይም ጉልበቱ ከፍ ያለ አዲስ ሞተር በ90 ሺህ ብር መግዛት።

ሽቦው ቢጠቀለል ማሽኑ ወደ ነበረበት ይመለሳል እንጂ አዲስ ነገር አይጨምርም። ያ ጥገና ነው፣ 12 ሺው የዓመቱ ወጪ ይሆናል። አክስቴ ግን አዲሱን መረጠች። አዲሱ ሞተር ለቀሩት አምስት ዓመታት የሚያገለግል ዋና አካል ስለሆነ ወደ ንብረት ይገባል።

ብዙ ሰው 90 ሺውን ጨምሮ መዝገቡን ይዘጋል። ይህ አያያዝ ያናድደኛል። አሮጌው ሞተር እኮ አሁንም መዝገቡ ውስጥ ተቀምጧል! ቁራሌው ወስዶት ሄዷል፣ መዝገቡ ግን ሁለት ሞተር አለን ይላል። አሮጌው መውጣት አለበት።

ግን አሮጌው ለብቻው ዋጋ አልነበረውም፣ ከማሽኑ ጋር አብሮ ነው የተገዛው። ሻጩን ጠየቅኩ፣ በዚያን ጊዜ እንዲህ ዓይነቱ ሞተር 53 ሺህ ብር ይሸጥ እንደነበር ነገረኝ። እንዲህ ያለ ግምት የተፈቀደ ነው። 53 ሺህ ከ530 ሺው አንድ አሥረኛ ነው። በሦስት ዓመት ከተያዘው 180 ሺህ እርጅናም አንድ አሥረኛውን፣ 18 ሺውን ሰጠሁት። ስለዚህ አሮጌው ሞተር 35 ሺህ ብር የመዝገብ ዋጋ ቀርቶት ነበር። ቁራሌው የከፈለው 5 ሺህ ብር ነው። ልዩነቱ 30 ሺህ ብር የዓመቱ ኪሳራ ሆነ።

የማሽኑ ቀሪ የመዝገብ ዋጋ 350 ሺህ ነበር። የአሮጌው ሞተር 35 ሺህ ወጣ፣ የአዲሱ 90 ሺህ ገባ፣ 405 ሺህ ሆነ። የ50 ሺው የመጨረሻ ዋጋና የአምስቱ ዓመት ግምት ካልተቀየረ ከዚህ በኋላ በዓመት የሚያረጀው 71 ሺህ ብር ነው። ከ60 ሺህ ወደ 71 ሺህ ለምን እንደዘለለ ማንም ቢጠይቀኝ በወረቀት አሳየዋለሁ።

ዘዴን በተመለከተ ጠንካራ አቋም አለኝ። «ግዢ ንብረት፣ ጥገና ወጪ» የሚል ዝርዝር በቃል አትያዙ። ሞተሩ ላይ እንዳያችሁት «ጥገና» ተብሎ በአንድ ደረሰኝ የመጣ ነገር ንብረት ሊሆን ይችላል። ግዢም ሁልጊዜ ንብረት አይደለም። የ1,500 ብር ወንፊት አራት ዓመት ቢያገለግልም ለእሱ የእርጅና ሠንጠረዥ መሥራት ልፋት ብቻ ነው፣ ወጪ አድርጉት። ከስንት ብር በታች ያለ ዕቃ ወጪ እንደሚሆን ሱቁ አስቀድሞ ይወስን፣ ሁልጊዜም በዚያው ይሂድ። በተረፈ የጥገና ሒሳቡን በየወሩ እዩት። ሁልጊዜ ሦስት አራት ሺህ ሲሆን የነበረው በአንድ ወር 90 ሺህ ከሆነ ውስጡ ንብረት ተደብቋል ማለት ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ መዝገቡን ይዛችሁ ሱቁ ውስጥ ዙሩ። እያንዳንዱን መስመር በዓይናችሁ ፈልጉት።

ለግብር የሚያዘው እርጅና የራሱ ሕግና ተመን ስላለው ከዚህ ጋር አትቀላቅሉት። እኔ በሌላ ገጽ ለብቻው ነው የምይዘው።

አሁን የያዝኩት ደግሞ ሌላ ነው። አክስቴ ሱቁን ወደ ከዚራ ልታዛውር አስባለች። ያው ኤሌክትሪሺያን መጥቶ ማሽኑን ይነቅላል፣ መኪና ይጭነዋል፣ እዚያ እንደገና ይተከላል። መጀመሪያ ሲተከል የጭነቱና የመግጠሙ ክፍያ ወደ ንብረት ገብቷል። አሁን ግን ማሽኑ አንድ ጊዜ ለሥራ ዝግጁ ሆኗልና የማዛወሪያው ክፍያ በሙሉ ወጪ ነው። ሳቢያን ተቀብሮ የሚቀረው የኮንክሪት መሠረትም ቀሪ የመዝገብ ዋጋው እንደ አሮጌው ሞተር ከመዝገቡ መውጣት አለበት። ዋጋውን ከትሪ ፌዝ መስመሩ ለይቼ ለማውጣት የያኔውን የግንበኛ ደረሰኝ እየፈለግኩ ነው።