አርባ ስድስት

የሒሳብ ሙያ ፈተናዬ ውጤት የመጣው ጁላይ አጋማሽ ላይ፣ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ነው። ባለቤቴና ልጄ ተኝተዋል። ስልኬን ይዤ ኩሽና ገባሁ። መብራት አላበራሁም። ኢሜይሉ አጭር ነበር፤ የፈተናው ስም፣ አንድ ቁጥር፣ ከቁጥሩ ጎን አንድ ቃል። 46። ወድቄያለሁ።

ማለፊያው 50 ነው። ይሄን ፈተና ስወድቅ ሦስተኛዬ ነው። መጀመሪያ 44፣ ከዚያ 47፣ አሁን ደግሞ 46። እዚያው ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብዬ ብዙ አለቀስኩ።

ለማያውቀው ላስረዳ። ኤሲሲኤ የሚባለው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ባለሙያዎች ማረጋገጫ በጠቅላላው 13 ፈተና አለው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ከአዲስ አበባ ይዤው በመጣሁት ዲግሪ ቀርተውልኛል። የመካከለኛውን ደረጃ ስድስት ፈተናዎች እዚህ ለንደን ቀን እየሠራሁ፣ ማታ እያጠናሁ ጨረስኩ። የመጨረሻው ደረጃ አራት ፈተና ነው። ሁለቱ ግዴታ ናቸው። ሌሎቹን ሁለት ተማሪው ከአራት አማራጮች ይመርጣል፤ ከፍተኛ ፋይናንስ፣ የአፈጻጸም አመራር፣ ከፍተኛ ታክስ፣ ከፍተኛ ኦዲት። እኔ ግዴታዎቹንም፣ የአፈጻጸም አመራሩንም አልፌያለሁ። የሦስት ዓመቱን የሥራ ልምድ አለቃዬ ፈርማልኛለች። ቻርተርድ ከሚለው ማዕረግ የለየኝ አንድ ፈተና ብቻ ነው። ኦዲቱ። ተማሪዎች ትሪፕል ኤ የምንለው።

ከውጤቱ በላይ ያስጨነቀኝ ግን ጊዜው ነው። የመጨረሻው ደረጃ ፈተናዎች፣ የመጀመሪያውን ካለፍሽበት ቀን ጀምሮ በሰባት ዓመት ውስጥ ማለቅ አለባቸው። እኔ ከግዴታዎቹ አንዱን፣ የሒሳብ ሪፖርቱን ፈተና ያለፍኩት በ2019 ማርች ነው። ስለዚህ በ2026 ማርች ሰባት ዓመቱ ይሞላል። መካከል ላይ ኮቪድ መጣ፣ ልጄ ተወለደ፣ ዓመታቱ ሄዱ። ፈተናው በዓመት አራት ጊዜ ነው፤ ማርች፣ ጁን፣ ሴፕቴምበር፣ ዲሴምበር። በእርግጠኝነት የቀሩኝ ሴፕቴምበርና ዲሴምበር ናቸው።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሻይ ስንጠጣ አንድ ወንድማችን “ሰባት ዓመቱ ካለፈ እኮ ሁሉም ይቃጠላል” አለኝ። አስቦልኝ ነው። እኔም ለሁለት ቀን አምኜው እንቅልፍ አጣሁ። በኋላ ደንቡን አውጥቼ አነበብኩት። ሁሉም አይቃጠልም። የመካከለኛው ደረጃ ፈተናዎች አይነኩም። ከመጨረሻው ደረጃም የሚቃጠለው ሰባት ዓመት የሞላው ፈተና ብቻ ነው። በ2021 ያለፍኩት የአመራር ፈተና እስከ 2028 አለ። ስለዚህ እኔ የማጣው አንዱን፣ የሒሳብ ሪፖርቱን ነው። አንዱም ቢሆን ቀላል አይደለም። እሱን እንደገና መማር ማለት ሌላ አንድ ዓመት ነው። ግን “ሁሉም” እና “አንድ” ልዩነቱ ሰፊ ነው። በዚህ ደንብ የምትጨነቁ ካላችሁ ራሳችሁ አንብቡት።

ባለቤቴ ጠዋት ፊቴን አይቶ ገባው። ቡና አፈላልኝና ዝም ብሎ ጠበቀ። በመጨረሻ “እኔ አቁሚ አልልሽም። ግን እስከ መቼ እንደሆነ አንቺ ንገሪኝ” አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ቅዳሜዎቹን ልጁን ይዞ ፓርክ ለፓርክ ሲዞር የኖረው እሱ ነው።

መጀመሪያ ያሰብኩት ውጤቱ ይታይልኝ ብዬ ማመልከት ነበር። ነገር ግን ያ ማጣሪያ መልሱ ሁሉ መታረሙንና ነጥቡ በትክክል መደመሩን ነው የሚያየው። አራሚው የሰጠውን ፍርድ ሌላ ሰው እንደገና አይፈርድም። የፈተና ወረቀትሽንም አይመልሱልሽም። በእጅሽ ያለው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ለምን እንደወደቅሽ ቁጥሩ አይነግርሽም።

ስለዚህ ራሴ ልፈልገው ወሰንኩ። ኤሲሲኤ ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን ያወጣል። አንዱን ያልሠራሁትን መርጬ፣ ቅዳሜ ጠዋት ላፕቶፔን የምግብ ጠረጴዛው ላይ ከፍቼ፣ ሰዓት ይዤ እንደ እውነተኛው ፈተና ተቀመጥኩ። ሦስት ሰዓት ከሩብ። መልሴን ለጓደኛዬ ላክሁላት። እሷ ይሄንን ፈተና ካለፈች ቆይታለች፤ ሥራዋም ኦዲት ነው። “ምንም ሳትራሪ እረሚልኝ” አልኳት።

ማግስቱን ቤቷ ጠራችኝ። እንጀራ አቀረበች፣ በላን፣ ከዚያ ወረቀቱን አወጣች።

“አንቺ የምትወድቂው ስለማታውቂ አይደለም” አለችኝ። “ያልተጠየቅሽውን ስለምትመልሺ ነው።”

አንዱን ጥያቄ አሳየችኝ። ኩባንያው አዲስ ምርት ለማበልጸግ ያወጣውን 2.4 ሚሊዮን ፓውንድ እንደ ሀብት መዝግቦታል። ከግብር በፊት ያለው ትርፉ 8 ሚሊዮን ነው። ዓመቱ መካከል ላይ የምርቱ ሙከራ ሳይሳካ ቀርቷል። ጥያቄው የሒሳብ መግለጫው በጉልህ ሊዛባ የሚችልበትን ስጋት ግለጪ ይላል። እኔ ምን ጻፍኩ? ምርቱ ካልተሳካ ተፎካካሪ ይቀድማቸዋል፣ ደንበኛ ያጣሉ፣ ገንዘብ ያጥራቸዋል ብዬ አንድ ሙሉ ገጽ ጻፍኩ። ሁሉም እውነት ነው። ግን ያ የንግድ ስጋት ነው። የተጠየቅሁት የሒሳቡን ስጋት ነው።

“አሁን በቃል ንገሪኝ” አለችኝ። ነገርኳት። አይኤኤስ 38 የሚባለው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ደረጃ የማበልጸጊያ ወጪን እንደ ሀብት የሚያስመዘግበው መስፈርቶቹ ሲሟሉ ነው። ምርቱ በቴክኒክ እንደሚሠራ፣ ወደፊትም ጥቅም እንደሚያስገኝ መታየት አለበት። ሙከራው ከከሸፈ በኋላ የወጣው ገንዘብ እነዚህን ላያሟላ ይችላል። ያኔ ወጪ መባል የነበረበት ሀብት ተብሏል ማለት ነው። ሀብቱ ተጋንኗል፣ ወጪው አንሷል፣ ትርፉ ተጋንኗል። ገንዘቡ ከትርፉ 30 በመቶ ነው። ብዙ ጊዜ እንደ ጉልህነት መነሻ የሚያዘው ከትርፉ 5 በመቶ ሲሆን፣ እዚህ 400 ሺህ ይሆናል። ስለዚህ ጉልህ ነው።

“ይኸው!” አለች። “ታውቂዋለሽ። አራት መስመር ነው። አንቺ ግን አንድ ገጽ ጽፈሽ ግማሽ ነጥብ ነው ያገኘሽው።”

ሁለተኛው ችግሬ ሰዓት ነው፤ የመጣውም ከዚሁ ነው። ከ100ው ነጥብ 80ው ለእውቀቱ ነው። 20ው አቀራረብሽንና ሙያዊ ጥርጣሬሽን የሚያይ ነው፤ ከመልሱ ውስጥ ይለቀማል እንጂ ለብቻው አይጻፍም። 195 ደቂቃውን ለ80 ብታካፍዪው ለአንድ ነጥብ 2.4 ደቂቃ ገደማ ይደርሳል። የመጀመሪያው ትልቁ ጥያቄ 40 የእውቀት ነጥብ አለው፤ ድርሻው 97 ደቂቃ ነው። እኔ 130 ፈጅቼበታለሁ። ሁለተኛው ላይ 45። ለሦስተኛው 20 ደቂቃ ቀረኝ፤ የሚገባው 49 ነበር። የመጨረሻውን ንዑስ ጥያቄ ጭራሽ አልነካሁትም። እዚያ ጥያቄ ላይ ያለው የኦዲት ሪፖርት ደግሞ በደንብ የማውቀው ነገር ነው።

እዚህ ድረስ የመውደቄ ምክንያት ነው። የሚቀጥለው ጥያቄ ከበደኝ። ይሄን ፈተና ለምን ነው የያዝኩት?

እዚህ ሀገር የኩባንያ ኦዲት ሪፖርት ላይ ለመፈረም የሚፈልግ የኤሲሲኤ ሰው ይሄንን አማራጭ ማለፍ አለበት። እኔ ግን የምሠራው በአንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ሒሳብ ክፍል ነው። በጀት አወጣለሁ፣ የወር ሒሳብ እዘጋለሁ። ኦዲተሮች ሲመጡ ሰነድ የማቀርበው እኔ ነኝ። በታክሱ ወይም በፋይናንሱ ባልፍም ማዕረጉ ያው ነው።

እውነቱን ልናገር። የያዝኩት በአዲስ አበባ ምክንያት ነው። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ አንድ ትንሽ የኦዲት ቢሮ ገባሁ። አለቃዬን ጋሼ እንለው ነበር። በክልል ከተሞች መጋዘን ቆጠራ ይዞኝ ዞሯል። አንድ ቀን ተመልሼ በስሜ ቢሮ እከፍታለሁ ብዬ ነው የወጣሁት።

ደወልኩለት። አሁን ሸምግሏል። ሁሉንም ሰምቶ “ልጄ፣ የኦዲት ፋይል ከነካሽ ስንት ዓመትሽ ነው?” አለኝ።

“አሥራ አንድ፣ ጋሼ።”

ትንሽ ዝም አለ። “እዚህ ነገሩ ተለውጧል። በአዋጅ 847 የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ተቋቁሟል፣ ዓለም አቀፉ የሒሳብ ሪፖርት ደረጃ ገብቷል። እኔ ራሴ በስተርጅና እንደገና ተምሬያለሁ። ፈተናውን እለፊ፣ ደስ ይለኛል። ግን ፈተናው ብቻውን ኦዲተር አያደርግሽም። ኦዲተር የሚያደርግሽ መጋዘኑ ነው። መምጣት ከፈለግሽ ስለ መምጣቱ ለብቻው አስቢ።”

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብዙ አሰብኩ። ሁለት ነገር አንድ ላይ አስሬ ይዤ ነበር። ሀገሬን መናፈቄንና ይሄን ፈተና። ፈተናውን በወደቅኩ ቁጥር ሀገር ቤት የሚርቀኝ የሚመስለኝ ለዚህ ነው።

ሁለቱን ፈታሁና ፈተናውን ብቻ ለብቻው አየሁት። በሳምንት ማጥናት የምችለው ስምንት ሰዓት ነው፤ ጠዋት ከ11 ሰዓት እስከ 12 ተኩል አምስት ቀን፣ ቀሪውን ቅዳሜ። እስከ ሴፕቴምበር ሰባት ሳምንት አለ። 56 ሰዓት ይሆናል። በዚህ ሰዓት ታክስን ከዜሮ ጀምሮ መጨረስ አይቻልም። የጎደለኝን አራት ነጥብ መሙላት ግን ይቻላል፤ የት እንደጎደለ አሁን አውቃለሁና። ስለዚህ ኦዲቱን ልቀመጥ ወሰንኩ። ምክንያቴ ግን ተቀይሯል። አጭሩ መንገድ እሱ ስለሆነ ነው።

ለባለቤቴም መልሱን ሰጠሁት። ሴፕቴምበር፤ ካልሆነ ዲሴምበር። በዚያ ካላለፍኩና የ2019ኙ ፈተና ከተቃጠለብኝ እንደገና አልቀመጥበትም። ቅዳሜዎቹ ይመለሳሉ። ይሄን ስናገር ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ግን የምሬን ነው። “እሺ” አለኝ። የዚያኑ ማታ ተመዘገብኩ።

ባለፈው ቅዳሜ ሌላ የድሮ ፈተና ይዤ ተቀመጥኩ። ስልኬን 97 ደቂቃ ላይ ሞላሁት። ሲጮህ በአንድ ዓረፍተ ነገር መካከል ነበርኩ፤ ጥሩ ዓረፍተ ነገር ነበር፣ ልጨርሰው እጄ በላኝ። ጣቶቼን ከኪቦርዱ አነሳሁ። እንደ ተንጠለጠለ ተውኩትና ወደ ሁለተኛው ጥያቄ አለፍኩ።