ካቴናውን ብቻ ቀይሬ የተማርኩት

ከጅማ ወደ ሰቃ በሚወስደው መንገድ፣ ዳገቱ መሃል ላይ፣ ሞተሬ ጮኸች እንጂ አልሄደችም። ማርሽ ገብቷል፣ ጎማው ግን ዝም። ጎንበስ ብዬ ሳይ ካቴናው ከኋላው ጥርስ ወልቆ ቸርኬው ጋ ተሰንቅሯል። ከኋላዬ አንድ ኬሻ ቡና ጭኛለሁ፣ ሰማዩ ደግሞ ጠቁሯል።

በጣም ያናደደኝ ካቴናው ገና የሦስት ወር መሆኑ ነው። ሂርማታ ሰፈር ያለው መካኒክ ግን ካቴናውን ዞር ብሎም አላየውም። የኋላውን ጥርስ በጣቱ ዳሰሰና፦

«ይሄን አልቀየርከውም?»

«ጋሼ፣ ብረት ነው ብዬ...»

ሳቀብኝ። ጥርሶቹ ወደ አንድ ጎን ጎብጠው የማዕበል ቅርፅ ይዘዋል። ካቴና አረጀ ሲባል ብረቱ አይሳብም፤ ፒኖቹና ፒኖቹ የሚዞሩበት ቡሽ ይበላሉ፣ በዚያ ምክንያት አጠቃላዩ ይረዝማል። የረዘመ ካቴና ጥርሱን በራሱ ልክ ይቀርፀዋል። አዲሱን እዚያ ላይ ስታጠልቀው ጥርሱ በተራው አዲሱን ይበላዋል። እኔ የቆጠብኩት የጥርስ ዋጋ ሙሉ ካቴና አስከፈለኝ።

መካኒኩ መለኪያውንም አሳየኝ። የእኔ ካቴና 428 የሚባለው ነው። ወጥረህ ይዘህ ከአንዱ ፒን መሃል እስከ 21ኛው ፒን መሃል ስትለካ አዲሱ 254 ሚሊሜትር ይሆናል። 259 አካባቢ ከደረሰ በቃው። የእኔ 261 ሆኖ ነበር። ከዚያ በፊት ሲላላብኝ በየሳምንቱ ዳዶውን ፈትቼ እወጥረው ነበር፤ ያ ማስተካከያ ሳይሆን ማርጀቱን መደበቂያ ነበር።

በዚህ ጊዜ የፊቱን ጥርስ፣ የኋላውንና ካቴናውን በአንድ ላይ ቀየርኩ። ቀድሞ የፊቱ 14፣ የኋላው 42 ጥርስ ነበረው። ጭነት ስለሚበዛብኝ የኋላውን 45 አደረግኩት። በሰባት በመቶ ገደማ የበለጠ ጉልበት ሰጠኝ፤ አስፋልት ላይ ግን ሞተሩ በዚያው ፍጥነት ቶሎ ይጮሃል። ማያያዣውን ክሊፕ ስገጥም ክፍቱን ጫፍ ካቴናው ከሚሄድበት አቅጣጫ በተቃራኒ አደረግኩት፤ ተገልብጦ ከተገጠመ አንድ ነገር ሲነካው ሊወልቅ ይችላል።

ሌላም ጥፋት ነበረብኝ፦ ከልክ በላይ መወጠር። ሰው ሲቀመጥና ጭነት ሲጫን ካቴናው ይጠብቃል። መላላት የማይችል ካቴና የካምቢዮውን ኩሺኔታ ይጎዳል። አሁን ጎማውን እያዞርኩ በጣም የጠበቀበትን ቦታ እፈልግና እዚያ ላይ ከ20 እስከ 30 ሚሊሜትር እንዲንቀሳቀስ አደርጋለሁ።

በዚያው ሰሞን አንድ ወዳጄ ሻፍት ያለው ትልቅ ያገለገለ ሞተር ሊሸጥልኝ ፈለገ። ካቴና የለውም፣ ጭቃ አይነካውም፣ ግራሶ አይፈልግም። ልቤ ሄደ። የጅማን ቀይ ጭቃ የሚያውቅ ያውቃል፤ ከዘይት ጋር ሲቀላቀል የአሸዋ ወረቀት ነው። ግን የኋላውን የዘይት ቡሎን እስክንፈታ ጠብቁ። የወጣው ዘይት ማኪያቶ መሰለ። ወንዝ ሲሻገር ይሁን ሲታጠብ እንጃ፣ ውሃ ገብቶበታል። ቡሎኑ ጫፍ ላይ ባለው ማግኔትም የብረት ስባሪ ተለጥፎበታል። ጎማውን ወዲያና ወዲህ ስንነካካው ደግሞ «ቋ» አለ፤ ውስጡ ያሉት ማርሾች ተበልተዋል ማለት ነው። ሻፍት በሰዓቱ ዘይቱ ከተቀየረለት ረጅም ዕድሜ አለው። ሲበላሽ ግን ዳገት ላይ ቁጭ ብለህ አትጠግነውም፤ መለዋወጫውም እዚህ በየሱቁ አይገኝም። ክብደቱ አለ፣ ጥርስ ቀይሮ ጉልበት መጨመርም የለም። «ወንድሜ፣ ይቅርብኝ» አልኩት።

ቺንጋስ? ያላችሁ ካላችሁ፣ እውነቱን ለመናገር አስፋልት ላይ ከሁሉም የሚማርከኝ እሱ ነው። ድምፅ የለውም፣ ዘይት የለውም፣ ሱሪ አያበላሽም፤ ብዙዎቹ የሃርሊ ዴቪድሰን ሞተሮች የሚጠቀሙት እሱን ነው። ግን ጠጠር በቺንጋውና በመዘውሩ መካከል ሲገባ የውስጡን ክር ይቆርጣል። የእኛ ገጠር መንገድ ደግሞ ጠጠር በጠጠር ነው። ሙሉ ቀለበት ስለሆነም መሃሉን ቆርጠህ አትቀጥለውም፤ ለመቀየር ብዙውን ጊዜ የኋላውን ሹካ ማውለቅ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ካቴናዬ ጋር ቀረሁ። የጭቃ መንገድ በሄድኩ ቁጥር ማታውኑ በነጭ ጋዝና በብሩሽ አጥበዋለሁ፣ በጨርቅ አደርቀዋለሁ፣ ከዚያ ገና ሲሞቅ የካምቢዮ ዘይት በትንሹ ከውስጥ በኩል አንጠባጥባለሁ። ቤንዚን አልጠቀምም። የተረፈውንም እጠርገዋለሁ፤ የተንጠባጠበ ዘይት አቧራ መሰብሰቢያ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ለካሁት፦ 255 ከግማሽ።