ስምንት አልጋ በአምስት ደቂቃ

ወጪና ገቢ ተረኛ ስንት ደቂቃ አብረው መቆየት አለባቸው? ብዙ ቦታ መልሱ 15 ነው። ለምን 15 እንደሆነ የሚያስታውስ ሰው ግን እምብዛም አይገኝም። በኃላፊነት የምመራው የሆስፒታል ዋርድም እንዲሁ ነበር።

ዋርዱ 24 አልጋ አለው። ማታ 3 ነርሶች፣ ቀን 4 ነርሶች ይገባሉ። ተረኛ የሚቀያየረው ጠዋት 1፡00 እና ምሽት 1፡00 ላይ ነው። ገቢው 12፡45 ላይ ይፈርማል፣ ወጪው 1፡00 ላይ ይወጣል። የሠራተኞች ሰርቪስ 1፡05 ላይ ይነሳል። ይህን ሰዓት ልብ በሉት፣ በኋላ ትልቅ ነገር ሆኗል።

አንድ ቀን ጠዋት 3፡30 ገደማ አንድ የስኳር ታካሚ ላብ አጠመቀው። ሲያናግሩት ይቀባዥራል። ስኳሩ ሲለካ 41 ሆነ። ወዲያው በደም ሥሩ ግሉኮስ ተሰጠው፣ በየ15 ደቂቃው እየተለካ ወደ ልኩ ተመለሰ። በማግስቱ ደህና ነበር። እኛ ግን ቁርሱን በደንብ የበላ ሰው ስኳሩ እንዴት እዚህ ድረስ እንደወረደ ማወቅ ነበረብን።

የሆነው እንዲህ ነው። የማታዋ ነርስ 12፡50 ላይ ስኳሩን ለካች። ኢንሱሊኑን ሰጠች። ውጤቱን እጇ ላይ ባለች ብጣሽ ወረቀት ጻፈች፣ ቻርቱ ላይ ለማስፈር ጊዜ አላገኘችም። ከዚያ ስምንቱን አልጋዎቿን አስረከበች። ስለዚህ ታካሚ የተናገረችው "ስኳሩ ከፍ ብሏል፣ ኢንሱሊን ላይ ነው" የሚል ነበር። የቀኗ ነርስ 1፡05 ላይ ቻርቱን ስትከፍት የጠዋቱ ዶዝ ቦታ ባዶ ነው። ጠንቃቃ ስለሆነች ስኳሩን ራሷ ለካች። አሁንም ከፍተኛ ነው። ሰጠችው።

እዚህ ላይ መለኪያው ለምን እንዳላስጠነቀቃት ማወቅ ያስፈልጋል። ከቁርስ በፊት የሚሰጠው ሬጉላር ኢንሱሊን መሥራት የሚጀምረው ከ30 ደቂቃ ገደማ በኋላ ነው። በ15 ደቂቃ ውስጥ እንደገና ቢለካ ቁጥሩ አይወርድም። ኃይሉ የሚበረታው ከተሰጠ ከ2 እስከ 4 ሰዓት በኋላ ነው። ታካሚው ያላበውም ያኔ ነው። እሱ ራሱ ገና አዲስ ገቢ ነበር፣ ጠዋት ጠዋት ከአንድ በላይ መርፌ ስለሚወጋ የትኛው ምን እንደሆነ አይለይም። የማታዋን ነርስ ለመጠየቅ ደግሞ ጊዜው አልፏል፣ ሰርቪሱ ውስጥ ናት።

የመጀመሪያው ሐሳብ ለሁለቱ ነርሶች ማስጠንቀቂያ መጻፍ ነበር። እኔ አልተስማማሁም። በዚያች 15 ደቂቃ ውስጥ ምን ምን እንደሚሠራ ሰዓት ይዘን እንይ አልኩ። ለተወሰነ ጊዜ ጠዋትና ማታ፣ ሥራ የቀለለበትንም የከበደበትንም ቀን ለካን።

ያገኘነው ይህን ነው። ገቢው 12፡45 ላይ ፈርሞ ጋዋን ለብሶ ሲደርስ 12፡50 ነው። ከዚያ ሁሉም ተሰብስቦ ስለ ዋርዱ አጠቃላይ ሁኔታ ይነገረዋል፣ 12፡55 ይሆናል። ለአልጋ ለአልጋ ርክክብ የሚተርፈው 5 ደቂቃ ብቻ ነው። ማታ አንድ ነርስ 8 አልጋ ስላላት ለአንድ ታካሚ 40 ሰከንድ እንኳ አይደርስም። በዚያ ላይ ወጪዋ በዚያው ሰዓት ስኳር ትለካለች፣ መድኃኒት ትሰጣለች፣ ሰርቪስ እንዳያመልጣት ሰዓት ታያለች። ወረቀት ላይ 15 ደቂቃ ተብሎ የተጻፈው መሬት ላይ 5 ደቂቃ ነበር።

ስለዚህ ቁጥሩን ከታች ጀምረን መሥራት ነበረብን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው የታካሚ ደኅንነት ምክር ለርክክብ በቂ ጊዜ ይመደብ፣ ጥያቄ የሚጠየቅበትና የሚመለስበት ይሁን፣ በተቻለ መጠን አይቋረጥ ይላል። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አይናገርም። ትክክልም ነው፣ ዋርድና ዋርድ አይመሳሰልም።

አማካይ ላለመውሰድ ወሰንን። ሥራ የቀለለበት ሌሊት ቶሎ ያልቃል፣ የከበደው ግን ይጎትታል። አማካዩን ከወሰድን በከበደው ሌሊት ሁሌም ይጎድለናል። አደጋው ያለው ደግሞ በዚያ ሌሊት ነው። የሦስቱን ነርሶች ድምርም አልወሰድንም። ሦስቱ ጎን ለጎን ስለሚያስረክቡ የሚወስነው የአንዷ፣ ረጅም ዝርዝር የያዘችው ነርስ ጊዜ ነው። በከበደ ሌሊት አንዲት ነርስ ከ8 አልጋዋ 3 ከባድ ታካሚዎች ሊኖሯት ይችላል። ትናንት ኦፕራሲዮን የተደረገ፣ ኢንሱሊን ላይ ያለ፣ ደም እየወሰደ ያለ ዓይነት። ለእንዲህ ዓይነቱ ታካሚ አልጋው አጠገብ ቆሞ፣ ቻርቱን አብሮ አይቶ፣ ጥያቄ ጠይቆ ለመጨረስ 4 ደቂቃ ይፈጃል። የተረጋጋው አንድ ተኩል ይበቃዋል። ሦስቱ ከባዶች 12 ደቂቃ፣ አምስቱ ቀላሎች 7 ተኩል፣ አንድ ላይ 20 ደቂቃ ገደማ። ለአጠቃላይ ገለጻ 4 ደቂቃ ጨመርን። የናርኮቲክ መድኃኒቶችን በጋራ ቆጥሮ ቁልፍ ለመረካከብ 3 ደቂቃ። ለሚያረፍድ ሰውና ለማይጠበቅ ጥሪ 3 ደቂቃ። 30 ደቂቃ ሞላ። የምሽቱም ስሌት ከዚህ ብዙ አልራቀም። ገቢ 12፡30 ላይ ጋዋኑን ለብሶ ዋርድ ውስጥ ይገኛል። የምንቆጥረው ከዚያ ነው እንጂ ከፊርማው አይደለም።

አስተዳደሩ በ20 ደቂቃ አይበቃም ወይ አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው። በቀን 7 ነርሶች 15፣ 15 ደቂቃ ሲጨመርባቸው 105 ደቂቃ ነው፣ በወር ከ52 ሰዓት ያልፋል። ይህ የሚከፈልበት ሰዓት ነው፣ መከፈልም አለበት። ያልተከፈለበት ደቂቃ መጀመሪያ የሚሸራረፈው እሱ ነው። በሌላ በኩል አንድ ሐኪም ሙሉ ሰዓት ይሁን አሉ። ይህንንም ተቃወምኩ። ሁሉም ነርስ ርክክብ ላይ ባለበት ሰዓት የታካሚ ደወል የሚያነሳ ሰው ይጠፋል። ያ ጊዜ በረዘመ ቁጥር ዋርዱ ያለ ተመልካች ይቆያል። አሁን በ30ው ደቂቃ ውስጥ ለደወል የሚሮጥ አንድ ረዳት መድበናል፣ ርክክብ ላይ ያለ ነርስ ከባድ ነገር ካልመጣ አይነሳም።

ደቂቃው ብቻውን ግን ያንን የኢንሱሊን ስህተት አያስቀረውም ነበር። መጀመሪያ የድንበሩን ሥራ መለየት ነበረብን። 12፡50 ላይ የሚሰጥ ዶዝ የማን ነው? የሁለቱም ሊሆን ይችላል፣ ለዚህ ነው ሁለቴ የተሰጠው። ቁርስ የሚመጣው 1፡30 ላይ ነው። ሬጉላር ኢንሱሊን ደግሞ ከምግብ 30 ደቂቃ ገደማ በፊት ይሰጣል። እንግዲያው ሰዓቱ 1፡00 ነው፣ ባለቤቷም የቀኗ ነርስ ናት። የማታዋ ቀድማ የምትሰጠው ሥራ ላቃልልላት ብላ ነበር፣ በቅን ልቦና። አሁን ከ12፡30 በፊት የሚደርስ ማንኛውም መድኃኒት የማታው ነው፣ ተሰጥቶ ተጽፎ ያልቃል። ከ1፡00 ጀምሮ ያለው የቀኑ ነው። በመሃል ባለው ግማሽ ሰዓት መደበኛ መድኃኒት አይያዝም። ለድንገተኛ ነገር ማንም አይከለከልም፣ የሰጠ ግን እዚያው ይጽፋል።

ሁለተኛው የሰው አደላደል ነው። የማታ 3 ነርሶች 8፣ 8 አልጋ፣ የቀን 4 ነርሶች 6፣ 6 አልጋ ስለሚይዙ እያንዳንዷ የማታ ነርስ ለሁለት ሰው ታስረክባለች። ቀድሞ ለመጣው ቀድማ ስታስረክብ አንዷ ቆማ ትጠብቃለች። ለምሳሌ ከአልጋ 17 እስከ 24 ያላት ነርስ መጀመሪያ ከ19 እስከ 24 ካስረከበች፣ ወደ 17 እና 18 ስትመለስ የምትቀበላት ነርስ ከሌላዋ ጋር 15 እና 16 ላይ ናት። መጠበቅ ነው። ሁሉም ከትንሹ ቁጥር ወደ ትልቁ ሲሄዱ ግን ይህ ጥበቃ ይጠፋል። በወረቀት ላይ ለአንድ አልጋ 2 ደቂቃ ይዘን ሠርተነው ነበር፣ በተዘበራረቀው ቅደም ተከተል 20 ደቂቃ የሚፈጀው በዚህኛው በ16 ያልቃል። 4 ደቂቃ ያለ ምንም ወጪ ማለት ነው። ከባድ ታካሚዎች አንድ ጎን ሲበዙ ትንሽ ይዛባል፣ ያም ሆኖ ከበፊቱ ይሻላል።

ሦስተኛው ወረቀት ነው። በአንድ ገጽ ላይ ስም፣ ምርመራ፣ የሚጠበቅ ውጤት፣ የመጨረሻው ዶዝና ሰዓቱ ተጽፎ ከርክክቡ በፊት ይዘጋጃል። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ አንድ የእንግሊዝ አነስተኛ ጥናት የ12 ምናባዊ ታካሚዎችን መረጃ በ5 ተከታታይ ርክክቦች አሳልፎ ነበር። በቃል ብቻ ሲተላለፍ መጨረሻ ላይ የቀረው 2.5 በመቶ ነው። የታተመ ወረቀት አብሮ ሲሰጥ 99 በመቶ ቀርቷል። የእኛ 4 ደቂቃና አንድ ተኩል የሚበቁትም ወረቀቱ ስላለ ነው። ወረቀት ያልደረሰ ቀን ሰዓቱ ያልፋል፣ አይተነዋል።

ሰርቪሱ 1፡15 ላይ እንዲነሳ ተደረገ። ከስብሰባው ሁሉ ቀላሉ ለውጥ ይህ ነበር፣ ነርሶቹን በጣም ያስደሰታቸውም ይኸው ነው።

30 ደቂቃው እየበቃ መሆኑን የምናውቅበት አንድ ነገር አለን። የቀን ነርስ ወደ ቤቷ ለሄደች ነርስ ስልክ ደውላ "ሲስተር፣ እንትን ሰጥተሽዋል?" ብላ ከጠየቀች፣ ጥያቄውን ከነሰዓቱ በአንድ ደብተር ትመዘግባለች። ጥፋተኛ ፍለጋ አይደለም፣ የጎደለው ነገር ምን እንደሆነ ለማየት ነው። መጀመሪያ ላይ ብዙ ነበር። እየቀነሰ መጣ፣ አልጠፋም። የቀሩት ጥያቄዎች በብዛት 12፡15 አካባቢ አዲስ ታካሚ ከገባበት ጠዋት ናቸው። ለእንዲህ ያለው 30 ደቂቃ አይበቃም። ለዚያ ሲባል ሁሉም ሰው በየቀኑ 45 ደቂቃ ይቆይ ማለት ደግሞ ትክክል አይመስለኝም። ታካሚውን የተቀበለችው ነርስ ብቻ ከእሱ ጋር ትቆያለች፣ የትርፍ ሰዓት ይያዝላታል፣ ሌሎቹ ይሄዳሉ።

በቅርቡ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ኃላፊ 30 ደቂቃችንን ወስዳ በእሷ ክፍል ልትሠራበት ጠየቀችኝ። አልሰጠኋትም። እዚያ አንድ ነርስ ሁለት ታካሚ ነው የምትይዘው፣ ግን ለአንዱ ታካሚ ብቻ መተንፈሻ ማሽኑን፣ ፓምፖቹንና መስመሮቹን አንድ በአንድ እያዩ መፈተሽ አለ። የሰጠኋት ሰዓት የያዝንበትን ባዶ ቅጽ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ልካ ትጀምራለች።