ካሴቱ ከአሰብ የመጣ ነው

ከላም በረት የተነሳነው ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ነው። ወደ ደሴ የምሄደው ለአማቴ አርባ ነበር። ጣርማበርን አልፈን ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ ብርዱ ለቀቀን፤ ከሚሴ ላይ ቁርስ ቀመስን። ኮምቦልቻ ስንደርስ መስኮቱን ከፍቼ ወደ ባቲ የሚወስደውን መንገድ አየሁት። ባለቤቴ የአሰብ መስመር ሹፌር ነበር። ከወደቡ ጭኖ በሚሌና በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ ያራግፍ ነበር፤ የተዋወቅነውም እዚያው ነው። ካረፈ 11 ዓመት ሆነው። ፎቶው ሞልቶኛል፤ ድምፁ ግን በጄ አልነበረም።

ተዝካሩ በወጣ ማግስት እትዬ፣ የባለቤቴ ታላቅ እህት፣ የእናቷን ሳጥን ከፈተች። ከነጠላው ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ካሴት ወጣ። ወረቀቱ ላይ በሱ የእጅ ጽሑፍ «ለእማዬ፣ ከአሰብ፣ 1989» ይላል። አማቴ ማንበብ ስለማትችል ደብዳቤ አይጽፍላትም፤ ካሴት ቀድቶ ወደ ደሴ በሚወጣ ሹፌር እጅ ይልክላት ነበር። እትዬ ወዲያው ቴፕ ከጎረቤት ልታስመጣ ተነሳች። እኔ እጇን ያዝኳት። ክሩ ቢበጠስስ?

ፒያሳ አካባቢ ቴፕና ሬዲዮ የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ አሉ አሉን። ሄድን። ካሴቱን ወደ ብርሃን አዙረው አዩና ቴፕ ውስጥ አልከተቱትም። መጀመሪያ እስክሪብቶ በቀዳዳው ሰክተው በእጃቸው ከዳር እስከ ዳር ቀስ እያሉ አጠነጠኑት፤ ብዙ ዘመን ሳይነካ የኖረ ክር እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ሞተር በድንገት ሲጎትተው ይበጠሳል አሉን። ከዚያ አምስቱን ትንንሽ ብሎን ፈቱ። ክሩን ከቴፑ ሄድ ጋር የምታስጠጋው፣ ጥፍር የምታክለው ስፖንጅ ረግፋለች። እሷ ከሌለች ድምፁ ይታፈናል። ከሌላ ካሴት ፈልቅቀው ለጠፉባትና አጫወቱት።

«እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ…»

ቀጭን፣ የሚጣደፍ፣ የልጅ ድምፅ። እትዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ማልቀስ ጀመረች። እኔ ግን አላለቀስኩም።

«ይሄ እሱ አይደለም» አልኩ።

«እሱ ነው እንጂ! በወጣትነቱ እንዲህ ነበር» አለች እትዬ።

ሽማግሌው አቆሙትና፣ «አብሽሪ እህቴ፣ ልክ ነሽ። ሲቀዳ የቴፑ ድንጋይ ደክሞ ነበር» አሉኝ። ድንጋይ ሲደክም ሞተሩ ይዘገያል። እንዲያ እየተጎተተ የተቀዳ ክር ደህና በሚዞር ቴፕ ሲጫወት ይፈጥናል፣ ድምፁም ይቀጥናል። የቴፑን ሆድ ከፍተው ሞተሩ ጀርባ ላይ ባለች ቀዳዳ ቀጭን ጠመንጃ መፍቻ አስገቡ። ፍጥነቱ የሚስተካከለው እዚያ ውስጥ ባለች ብሎን ነው።

«እኔ ሰውዬውን አላውቃቸውም። ሲደርስ አንቺ ንገሪኝ» አሉኝ።

ዓይኔን ጨፈንኩ። ጥቂት አዞሩ፤ ድምፁ ወረደ። ገና ነው አልኩ። ሌላ ጥቂት። አሁን የአጎቱን ልጅ ይመስላል፤ ገና ነው። ጥቂት አለፉና ወፈረብኝ፣ የታመመ ሰው ሆነ። መለስ አደረጉት። ያኔ «እ…» ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ። 15 ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ከጓዳ የሰማሁት ጠረጋ ነው።

«እዚህ ጋ» አልኩ። ከዚያ በኋላ መናገር አልቻልኩም።

የሚያወራው ስለ ሙቀቱ፣ ስለላከላት ስኳር፣ ስለ ጎማው መፈንዳት ነው። ቀጥሎ፣ «እማዬ፣ ኮምቦልቻ አንዲት ልጅ አለች። ገና አልነገርኳትም፤ መጀመሪያ አንቺ ስሚ» አለ። ለእኔ የነገረኝ በዓመቱ ነው። አማቴ ደግሞ ይህን ሰምታ ዝም ብላኝ ኖራለች። ለምን እንዳልነገረችኝ ልጠይቃት ብዬ ወደ እትዬ ዞርኩ፤ ከዚያ ትዝ አለኝ፣ ከቀበርናት አርባ ቀን አልፏል።

ድንጋዩ እየደከመ ስለሄደ ድምፁ እንደገና ይቀጥን ነበር፤ ሽማግሌውም በየጥቂት ደቂቃው ብሎኗን ያዞራሉ፣ እኔም በእጄ እያሳየሁ አብሬያቸው እወርዳለሁ። መጨረሻ ላይ ያለችው ትንሽ ቦታ ግን አልተስተካከለችም። የወፍ ጫጫታ ብቻ ሆነች። «ከዚህ በላይ ካዘገየሁት ሞተሩ ይቆማል» አሉ። ሁለት ጊዜ ሞከሩ፣ ሁለት ጊዜ ቆመ። ስንብቱ እዚያ ውስጥ ነው ያለው።

የተስተካከለውን ወደ ስልኬ ገልብጠው ሰጡኝ። ካሴቱን ከመመለሳቸው በፊት ከጀርባው ዳርና ዳር ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች በመፍቻው ሰበሩ፤ ከእንግዲህ ማንም ሳያውቅ ሌላ ነገር ሊቀዳበት አይችልም። ስባሪዎቹን ሊጥሉ ሲሉ ተቀበልኳቸውና በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኳቸው።