ቦነስ አይረስ ያደረው ስልክ

ሐዋሳ፣ ሐይቁ አጠገብ ባለ አንድ ሆቴል የሌሊት ሪሴፕሽን እሠራ ነበር። አንድ ማክሰኞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ30 ላይ እንግዳ ወረደና 12 ሰዓት ወደ አዲስ አበባ የሚያደርሰው መኪና ጠየቀ። ለሾፌራችን በቴሌግራም ጻፍኩ። መደወል ነበረብኝ፤ ሽማግሌ ከእንቅልፍ መቀስቀስ ከበደኝ። እሳቸው 1 ሰዓት ላይ ሲደርሱ እንግዳው ሌላ መኪና ይዞ ሄዷል።

ሥራ አስኪያጇ ሁለታችንንም ጠራችን።

«10 ሰዓት ተኩል ነው የተላከልኝ፣ ተኝቻለሁ። ይኸው!» ብለው ስልካቸውን ሰጧት።

አየችው። ቀኑ የሰኞ፣ ሰዓቱ `10:30 PM`።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ትናንት ማታ 4 ሰዓት ተኩል ነው። እያወቁ ነው የቀሩት?»

እሳቸው ቁጥሩን በእኛ አቆጣጠር ያነባሉ፣ እሷ በፈረንጅ። የሚገርመው ሁለቱም በትክክል ነው ያነበቡት። እኔ ስልክ ላይ ግን ያው መልእክት ማክሰኞ `4:30 AM` ይላል። የቆዩ መልእክቶችን ከፍተን አስተያየን። ሁሉም ልክ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ናቸው። ኔትወርክ እንዲህ ቆጥሮ አያዘገይም።

«ጋሼ፣ ሰዓቱን ነክተውት ነበር?»

ነክተውታል። መጀመሪያ ስልኩ የሐበሻ ሰዓት እንዲያሳያቸው በእጃቸው 6 ሰዓት ወደ ኋላ መለሱት። ዋትስአፕ የስልክህ ቀን ትክክል አይደለም እያለ አስቸገራቸው። ከዚያ አንድ ስልክ ጠጋኝ ብልሃት አገኘላቸው። የሰዓት ክልሉን ቦነስ አይረስ አደረገው። እኛ `GMT+03:00` ነን፣ አርጀንቲና `GMT-03:00`፤ ልዩነቱ ድፍን 6 ሰዓት ነው። ስልኩ ውስጥ ያለው ትክክለኛ ሰዓት ስላልተነካ ምንም መተግበሪያ አያጉረመርምም። ለዚህ ነው ማንም ያልነቃው። ልጁ ጎበዝ ነው፣ አልዋሽም።

ቴሌግራም የመልእክቱን ሰዓት ከሰርቨሩ ይይዛል፣ ስልኩ ደግሞ በራሱ የሰዓት ክልል ቀይሮ ያሳያል። ስለዚህ የእሳቸው ስልክ ቀን የሚቀይረው እኩለ ሌሊት ሳይሆን ጠዋት 12 ሰዓት ነው። ከዚያ በፊት የተላከ ሁሉ የትናንት ሆኖ ይታያል።

ሴቲንግ ገብቼ `Set time zone automatically` የሚለውን አበራሁት። ቴሌግራሙን መልሰን ስንከፍት ያ መልእክት ማክሰኞ `4:30 AM` ሆኗል። ሥራ አስኪያጇ ስልኩን ወደ እሳቸው ገፋ አድርጋ «ይቅርታ ጋሼ» አለች።

በዚያው ሌሊት 5 ሰዓት ላይ ሪሴፕሽን ስልክ ጮኸ። እሳቸው ናቸው።

«አንተ ልጅ፣ ምን አድርገህብኝ ነው? አላርሜ አሁን ጮኸ! ተነስቼ ተጣጥቤ፣ ውጭ ስወጣ ድቅድቅ ጨለማ ነው።»

አላርሙ የንጋት 11 ሰዓት እንዲሆን `11:00 PM` ላይ ተሞልቶ ነበር። እሱን መቀየር ረስቼዋለሁ።