ያ ሰው ስም አይጽፍም ነበር

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ምንጩን ያላወቅሁት ቅሬታ ሲከተለኝ ዋለ። ከማንም ጋር አልተጋጨሁም፤ ሆኖም የማምነው ሰው የዋሸኝ ያህል ከፍቶኝ ነበር። ወደ ማታ ነው ነገሩ ሌሊት አንብቤ ከጨረስኩት ልብ ወለድ የመጣ መሆኑ የገባኝ።

የመጽሐፉ ዋና ገጸ ባሕርይ ጥንቃቄው ከአጥንቱ የገባ ሰው ነው። በር ቆልፎ ከሄደ በኋላ ተመልሶ ይገፋዋል፤ የደረሰውን መልእክት አንብቦ ሳያቃጥል እንቅልፍ አይወስደውም። ይህ ጠባይ ያለ ምክንያት አልተሰጠውም፤ ወንድሙ የታሰረው ኪሱ ውስጥ በተገኘ አንድ ወረቀት የተነሳ ነው። ይኸው ሰው በአሥራ አራተኛው ምዕራፍ የጓደኞቹን ስም በሙሉ በደብዳቤ ይጽፋል፤ ደብዳቤውን ኮቱ ኪስ ውስጥ ይከትታል፤ ኮቱንም በሚያሳድደው ሰው ቤት ሰቅሎት ይወጣል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አሳዳጁ ስሞቹን ካላወቀ የመጽሐፉ የመጨረሻ ክፍል አይኖርም።

ደራሲው ራሱ ነገሩ እንዳልተዋጠለት የምናውቀው በመካከል በጣላት አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው፤ በዚያ ምሽት ድካም ተጭኖት ነበር ይለናል። ነገር ግን በስድስተኛው ምዕራፍ ይህንኑ ሰው ሁለት ሌሊት ሳይተኛ፣ ትኩሳት እያንቀጠቀጠው፣ ክብሪቱ ሁለት ጊዜ ከእጁ ወድቆ በሦስተኛው ወረቀቱን ሲያቃጥል አይተነዋል። ድካም እንደማያሸንፈው ያስተማረን ደራሲው ነው። ደግሞም ከጓደኞቹ አንዱ እንኳ «አንተ? እንዴት አንተ?» ብሎ አልጠየቀውም። እርሱም ቢሆን በሚቀጥለው ምዕራፍ በሩን ተመልሶ ሲገፋ እናገኘዋለን፤ ስለ ደብዳቤው አንድም ጊዜ አይጸጸትም። ሰው ከጠባዩ ሲወጣ ነገሩ በራሱም በሌሎችም ላይ አንድ ምልክት ይተዋል። እዚህ ግን ድርጊቱ የተፈለገበትን ሥራ ሠርቶ ያለ ዱካ ጠፋ፤ እኔም የትልሙን እጅ ያየሁት በዚህ ነው።

ይበልጥ የቆጨኝ ግን ትልሙ ሳይነካ መዳን ይችል የነበረ መሆኑ ነው። ሰውየው እንደ ጠባዩ መልእክቱን ያቃጥለው፤ በማቃጠሉ የተነሳ ቀጠሮው መለወጡ ለጓደኞቹ ሳይደርሳቸው ይቅር፤ ከእነርሱ አንዱ ግራ ተጋብቶ ራሱ ሊጠይቀው ይምጣ፤ አሳዳጁም ያንን ጓደኛ ተከትሎ ወደ ሌሎቹ ይድረስ። ስሞቹ ያው ይታወቃሉ፤ ነገር ግን ጓደኞቹን ያጠፋቸው ያዳናቸው ይመስለው የነበረው ጥንቃቄ ይሆናል፤ ያን ጊዜ የወንድሙ ታሪክም ሌላ ክብደት ይኖረዋል።

ይህን ለመ. ስነግራት፣ ሰው በሕይወቱ ያለ ምክንያት ይለወጥ የለም ወይ ብላ ተሟገተችኝ። ይለወጣል። አሪስቶትልም በ«ሥነ ግጥም» ድርሰቱ አሥራ አምስተኛ ምዕራፍ ላይ ወላዋይ ሰው መሣል አይከለክልም፤ የሚጠይቀው ወላዋይነቱ እንዲጸና ነው። ለጉድለቱ ምሳሌ ያደረገው ደግሞ ደራሲዋ ግሪካዊው ዩሪፒደስ ከሞተ በኋላ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ405 ገደማ ለመድረክ የበቃችውን ተውኔት፣ የአውሊሷን ኢፊጌንያ ነው፤ ሕይወቷን የምትለምነው ልጅ በኋላ ፈቅዳ የምትሞተውን አትመስልም ይላል።

ከዚያ ወዲህ ሐሳቤ ከሌሊቱ መጽሐፍ ወጥቶ ከእርሷ ጋር ቀረ፤ ምክንያቱም ኢፊጌንያን አምናታለሁ። በልመናዋና በውሳኔዋ መካከል አባቷ አጋሜምኖን ለግሪክ ሲል ሊሠዋት ግድ እንደ ሆነበት ይነግራታል። ቀጥሎ ከሠራዊቱ ጀግኖች አንዱ የሆነው አኪለስ መጥቶ ሠራዊቱ ሞቷን እየጠየቀ እንደሚጮኽ፣ ሊያድናት ቢሞክር የገዛ ወታደሮቹ ሳይቀሩ በድንጋይ ሊወግሩት እንደ ተነሡበት፣ ቢሆንም ሊዋጋላት እንደ ቆረጠ ይናገራል። እርሷ ዝም ብላ ስትሰማ ትቆያለች፤ ከዚያ ስትናገር የአባቷን ስለ ግሪክ የተናገረውን ቃል የራሷ አድርጋ ታነሣዋለች፤ አኪለስም በእርሷ ምክንያት መሞት እንደሌለበት ትናገራለች። እናቷ ደግሞ ትደነግጣለች፤ ታለቅሳለች። በዚያኛው መጽሐፍ ያጣሁት ምልክት ሁሉ እዚህ አለ።

ነገር ግን አሪስቶትል እኔ የጠቀስኳቸውን ስንኞች ሁሉ ያውቃቸው ነበር፤ አውቆም አላመናትም። ልጅቱ በሁለቱ ንግግሮቿ መካከል ምን እንዳሰበች ዩሪፒደስ አልነገረንም። ያንን ዝምታ የሞላሁት እኔ ከሆንኩ፣ ለድካም ሰበብ ለሌላኛው ደራሲ የነፈግሁትን ለእርሱ የሰጠሁት በምን ሚዛን ነው?