ያው ሁለት ጉብጠት፣ ሁለት የተለያየ ሌንስ

ይህን ሳምንት ሙሉ የያዝኩት የሌንስ ሠሪዎችን ቀመር ነው። ቀመሩን ድሮም አውቀዋለሁ። ግን የሁለቱ ገጾች ጉብጠት እኩል ያልሆነ ሌንስ ሲመጣ ሁሌም ምልክቱ ላይ እሳሳታለሁ። ስለዚህ ሁለት ሬዲየስ ብቻ መረጥኩ፦ 20 እና 30 ሳንቲ ሜትር። በእነዚሁ ሁለት ሌንስ በወረቀት ሠራሁ።

```
1/f = (n - 1)(1/R1 - 1/R2)
```

f የትኩረት ርቀቱ፣ ማለትም ሌንሱ ከሩቅ የመጣ ብርሃንን የሚሰበስብበት ርቀት ነው። n መስታወቱ ብርሃንን የሚሰብርበት መጠን ሲሆን 1.5 ብዬ ይዣለሁ። R1 ብርሃኑ የሚገባበት ገጽ ሬዲየስ፣ R2 ደግሞ የሚወጣበት ነው።

መጀመሪያ በሁለቱም በኩል ወደ ውጭ ያበጠውን ባይኮንቬክስ ያዝኩ። ሁለቱም ገጽ ያበጠ ነው ብዬ ሁለቱንም ሬዲየስ ፖዘቲቭ አደረግኩ። መልሱ 120 ሳንቲ ሜትር መጣ። ይሄ ነገር ልክ አይመስልም አልኩ። ምክንያቱም ባለ 20ው ገጽ ብቻውን፣ ጀርባው ጠፍጣፋ ቢሆን፣ ብርሃኑን በ40 ሳንቲ ሜትር ይሰበስባል። ሌላ ያበጠ ገጽ ሲጨመርበት እንዴት ይርቃል? ማጠር ነበረበት።

ስህተቴ ቅርጹን ማየቴ ነበር። ምልክቱን የሚወስነው ማዕከሉ ነው። እያንዳንዱ ገጽ የአንድ ትልቅ ኳስ ቁራጭ ነው ብላችሁ አስቡ። የኳሱ መሃል ብርሃኑ በሚሄድበት በኩል ከሆነ ሬዲየሱ ፖዘቲቭ፣ ብርሃኑ በመጣበት በኩል ከሆነ ኔጋቲቭ ነው። በባይኮንቬክስ የኋላው ገጽ ኳስ መሃሉ ወደ ኋላ፣ ብርሃኑ ወደመጣበት ነው። ስለዚህ R2 = -30።

```
1/f = 0.5 (1/20 + 1/30) = 1/24
f = 24 cm
```

አሁን ልክ ነው፤ ከ40 አጥሯል።

ታዲያ ያ 120 ከየት መጣ? ይሄን ሳገኝ በጣም ደስ አለኝ። 120 የሌላ ሌንስ ትክክለኛ መልስ ነው። የኋላውን ገጽ ወደ ውስጥ አጉብጡት፤ እንደ መነጽር ሌንስ ሁለቱም ገጾች ወደ አንድ አቅጣጫ ይታጠፉ። ይህ ሜኒስከስ ነው። አሁን የሁለቱም ኳስ መሃል ብርሃኑ በሚሄድበት በኩል ነው፤ R1 = 20፣ R2 = 30።

```
1/f = 0.5 (1/20 - 1/30) = 1/120
f = 120 cm
```

የፊቱ ገጽ ይሰበስባል፣ የኋላው ከሰበሰበው ላይ ይቀንሳል። የተረፈው ትንሽ ነው፤ ለዚህ ነው ትኩረቱ እንዲህ የራቀው። ሌንሱን ገልብጬም ሞከርኩት። R1 = -30፣ R2 = -20 ይሆናል፤ መልሱ ያው 120 ነው። ስትገለብጡት ኔጋቲቭ ትኩረት ከመጣባችሁ፣ ምልክቱን ቀይራችሁ የሬዲየሶቹን ተራ ሳትቀይሩ ቀርታችኋል ማለት ነው። መሃሉ ከጠርዙ የሚወፍር ሌንስ አየር ውስጥ ምንጊዜም ይሰበስባል።

ከዚህ በኋላ የመጣው ነገር ግን ከምልክቱም በላይ አስገርሞኛል። የኋላው ሬዲየስ 30 ሳይሆን 29 ሆኖ ቢገኝስ? ባይኮንቬክሱ ከ24 ወደ 23.7 ይወርዳል፤ የ3 ሚሊ ሜትር ለውጥ ነው፣ ማንም ልብ አይለውም። ሜኒስከሱ ግን ከ120 ወደ 129 ይሄዳል። ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር! የሚቀራረቡ ሁለት ቁጥሮች ስለሚቀናነሱ፣ በአንዱ ላይ ያለች ትንሽ ስህተት በልዩነቱ ላይ ትገዝፋለች።

ያ የአንድ ሳንቲ ሜትር ልዩነት በመስታወቱ ላይ ምን ያህል ነው? 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ሌንስ ላይ ባለ 30ው ገጽ መሃሉ ላይ 1.04 ሚሊ ሜትር ይጎደጉዳል፣ ባለ 29ው 1.08። ልዩነቱ 0.04 ሚሊ ሜትር ነው። በእጅ ካሊፐር አይያዝም።

ውፍረቱም እንደዚሁ ነው። ቀመሩ ሌንሱ ስስ ነው ብሎ ይነሳል። 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ሳስገባበት ባይኮንቬክሱ 24.1 ሆነ፣ ያው ነው ማለት ይቻላል። ሜኒስከሱ ግን ወደ 118 ወረደ።

ስለዚህ ለሜኒስከስ ሬዲየስ ለክቶ ትኩረት ማስላቱን ትቼ፣ ትኩረቱን ራሱን ለካሁ። ቤት ውስጥ +2.00 የተጻፈበት የማንበቢያ መነጽር አለ፤ አንድ ሜትር ለዚህ ቁጥር ሲካፈል ትኩረቱን ይሰጣል፣ ስለዚህ 50 ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት። የመስኮቱን ምስል ግድግዳ ላይ ስጥል በ57 ጠራ። መስኮቱ ከሌንሱ 4 ሜትር ብቻ ይርቅ ነበር፤ ለዚህ ርቀት 57 ትክክል ነው። በመስኮቱ አሻግሬ የሩቁን ሕንፃ ምስል ስጥል፣ ጣሪያው ተገልብጦ በ50 ላይ ቁልጭ አለ።